ማሸጊያ የሌለው ጌም

ካራቆሬ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ጌም ቤት ከፍቼ በሠራሁባቸው ዓመታት አንድም ጌም ከነማሸጊያው ገዝቼ አላውቅም። የዚህ ሥራ ሰዎች ጌም እንዴት እንደምናመጣ ታውቃላችሁ። ማሽኑን ወይም ሃርድ ዲስኩን ይዘን ወደ ትልቁ ከተማ እንሄዳለን፤ ጫኚው ዝርዝሩን በኮምፒውተሩ ያሳየናል፤ እኛም ልጆች የሚጠይቁትን እየጠቆምን እናስጭናለን። ዋናው ዲስክ ከፋብሪካ ሲወጣ በሽፋኑ ጥግ የዕድሜ ቁጥር ነበረው፤ በጀርባው ደግሞ ያ ቁጥር ለምን እንደተሰጠው የሚናገሩ ጥቂት ቃላት ነበሩ። እኛ ጋ ሲደርስ ሁለቱም የሉም። የቀረው ስሙ ብቻ ነው።

ይህ ምን እንደሚያጎድል የገባኝ አንዲት እናት በር ላይ ቆመው በጠየቁኝ ቀን ነው። “ወንድሜ፣ ይሄ ልጅ ሌሊት እየቃዠ አስቸገረኝ። ምንድን ነው የምታሳየው?” አሉኝ። ልጁ 9 ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት ሲመለስ እየመጣ ኳስ ይጫወታል። “እታለም፣ እሱ ኳስ ብቻ ነው የሚጫወተው” ብዬ መለስኩ። የነገርኳቸው እውነት ነበር። ማታ ቤቱን ስዘጋ ግን ነገሩን ደግሜ አሰብኩት። ልጁ የሚጫወተው ሁለት ጌም ነው፤ ተራ የሚጠብቀው ግን አንድ ሰዓት ነው። ያን ሰዓት የሚያሳልፈው ጎረምሶቹ ሞርታል ኮምባት ከሚጫወቱበት ስክሪን አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነው። እጁ ኳስ ነበር የነካው፤ ዓይኑ ግን ሌላ ጌም ውስጥ ነበር። የዕድሜ ምልክት የሚባለውን ነገር ማጥናት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ያገኘሁትንም ለሥራ ባልደረቦቼ እጽፋለሁ።

በእኛ አገር ጌም ላይ ተለጥፎ የምናየው የራሳችን የዕድሜ ምልክት የለም። የምናገኘው የሌሎቹን ነው፤ እሱም በአብዛኛው ከሁለቱ አንዱ ነው። አንደኛው ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ የሚሠራበት ፔጊ ነው፤ ሽፋኑ ላይ PEGI ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሮቹ 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 ናቸው። 3 እና 7 አረንጓዴ፣ 12 እና 16 ብርቱካናማ፣ 18 ቀይ ነው። ሁለተኛው የአሜሪካኖቹ ESRB ሲሆን በፊደል ነው የሚናገረው። E ለሁሉም፣ E10+ ከ10 ዓመት በላይ፣ T ከ13 በላይ፣ M ከ17 በላይ፣ AO ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ብቻ ማለት ነው። ከዚህ በላይ በቃል መያዝ አያስፈልግም።

ሰው በብዛት የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቁጥሩ ጌሙ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይናገርም። የኳስ ጌም 3 ስለተባለ የሦስት ዓመት ሕፃን ጆይስቲክ ይዞ ይጫወተዋል ማለት አይደለም፤ የሦስት ዓመት ሕፃን ቢያየው የሚጎዳው ነገር የለውም ማለት ነው። ቼዝም 3 ነው። ስለዚህ አንድ አባት “ልጄ ጎበዝ ነው፣ ከትልልቆቹ ጋር እኩል ይጫወታል፤ ይሄን ፍቀድለት” ሲላችሁ፣ የልጁ ጉብዝና ከቁጥሩ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ሌላው፣ እኔም ለመረዳት ጊዜ የወሰደብኝ፣ ቁጥሩ አማካይ አለመሆኑ ነው። አንድ ጌም አርባ ሰዓት የሚወስድ፣ ብዙው መንገድ መሄድና እንቆቅልሽ መፍታት የሆነ፣ መሐል ላይ ግን አንድ ሰው እጅና እግሩ ታስሮ ሲሰቃይ በግልጽ የሚያሳይ አንድ ትዕይንት ያለው ሊሆን ይችላል። የፔጊ መዳቢዎች አርባውን ሰዓት ከዚያች ትዕይንት ጋር አደባልቀው አያካፍሉም። ያቺ ትዕይንት ብቻዋን ቁጥሩን ትወስናለች። ለእኛ ይህ ማለት “እኔ አይቼዋለሁ፣ ምንም የለውም” የሚል ቃል ብዙ አያስተማምንም ማለት ነው፤ የተናገረው ሰው ያየው የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ሊሆን ይችላልና።

ቁጥሩን ከፍ የሚያደርገው ምንድን ነው? ወደ ሞርታል ኮምባት ልመለስ፤ የዕድሜ ምልክት ታሪክ ራሱ ከዚያ ጌም ጋር የተያያዘ ነው። ጌሙ በ1993 እ.ኤ.አ. ለቤት ማሽኖች ሲወጣ በሁለት ኩባንያዎች ማሽን ላይ በሁለት መልክ ቀረበ። በኒንቴንዶ ማሽን ላይ ሲመታ የሚረጨው ደም ቀለሙ ተቀይሮ ግራጫ ላብ እንዲመስል ተደረገ፤ አሸናፊው ተሸናፊውን የሚጨርስባቸው አሰቃቂ ምቶችም ተለሳለሱ። በሴጋው ማሽን ላይ ግን ደሙ ከነቀለሙ ነበር፤ የሚከፈተው በሚስጥር የቁልፍ ቅደም ተከተል ሲሆን ያን ቅደም ተከተል የማያውቅ ልጅ አልነበረም። ሴጋ በራሱ ምደባ 13 ዓመት ብሎ ለጠፈበት። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ ሴኔት ስለ ጌም ጭካኔ ሰዎችን ጠርቶ ጠየቀ፤ በማግስቱ ዓመት፣ በ1994 እ.ኤ.አ.፣ ESRB ተመሠረተ። ድብደባው፣ ተደባዳቢዎቹ፣ ቁልፉ ሁሉ አንድ ነው። ልዩነቱ ሰው ሲመታ ከሰውነቱ ምን ይወጣል፣ ከተሸነፈ በኋላስ ምን ይደረግበታል የሚለው ብቻ ነበር።

ዛሬም መለኪያው ይኸው ነው። በቤቴ ውስጥ ጎን ለጎን የነበሩትን ሁለቱን ጌሞች ውሰዱ፤ ቴከን 7 እና ሞርታል ኮምባት 11። ለማያውቅ ሰው ሁለቱም ያው ድብድብ ናቸው፤ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ይማታሉ፣ ጉልበቱ ያለቀበት ይወድቃል። ቴከን በአሜሪካኖቹ T፣ በፔጊ 16 ነው። ሞርታል ኮምባት M እና 18 ነው። ቴከን ላይ ምት ሲያርፍ ብልጭታ ይታያል፤ የወደቀው ሰው ወድቆ ይቀራል፣ አካሉ አይጎድልም። ሞርታል ኮምባት ላይ አጥንት ሲሰበር ከውስጥ በኩል ይታያል፤ ከተሸነፈ በኋላ፣ መከላከል በማይችልበት ሰዓት፣ አካሉ ይበጣጠሳል። “መከላከል በማይችልበት” የሚለውን ልብ በሉ። ፔጊ ለ18 ከሚያስቀምጣቸው ምክንያቶች መካከል ከመጠን ያለፈ ጭካኔ፣ ያለ ምክንያት መግደልና ራሱን መከላከል በማይችል ላይ የሚፈጸም ጥቃት ይገኛሉ። ሞርታል ኮምባት ከመጀመሪያውና ከሦስተኛው አያመልጥም።

ደረጃ በደረጃ እንዲታየን ከአገራችን አንድ ጌም ልነሣ። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ የሚል የስልክ ጌም ሠርቷል፤ ዶሮ ከአሳዳጇ እየሸሸች የምትሮጥበት ነው። ከእነሱ ጌም የዶሮዋን ሐሳብ ብቻ ልዋስና የራሴን ምሳሌ ልሥራ። ዶሮዋ ስትያዝ ላባዋ ብን ብሎ እንደገና ከመነሻው ብትጀምር ይህ ሕፃን የሚያስቅ ነው፤ 3 ላይ ይቆያል። አሳዳጁ ከጨለማ ድንገት እየጮኸ ቢወጣ፣ ማንም ሳይጎዳ፣ ለትንሽ ልጅ የሚያስፈራ ሆኗልና ወደ 7 ይሄዳል። ዶሮዋ ልብስ ለብሳ እንደ ሰው ብትቆም፣ ዱላ ይዛ አሳዳጆቿን ብትመታና እነሱም ቢወድቁ፣ ግን ሁሉ ነገር ካርቱን ቢመስል 12 አካባቢ እንደርሳለን። ካርቱንነቱ ቢቀርና ሰው በሰው ላይ ቢላዋ ሲሰነዝር፣ ቁስሉም በእውን እንደምናየው ቢሆን 16 ነው። ቆስሎ የወደቀው ሰው እየለመነ ሳለ ተጫዋቹ እንዲያርደው ከተደረገ 18 ነው። ከ3 እስከ 18 ስንወጣ የጌሙ ሩጫ አንድ ነበር። የተለወጠው ሦስት ነገር ነው፦ የሚጎዳው ማን ነው፣ ጉዳቱ ምን ያህል እውን ይመስላል፣ የተጎዳው ራሱን መከላከል ይችላል ወይ።

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በቃል ያዙ። ምልክቱ የጠፋበት ማንኛውም ጌም ፊታችሁ ሲቀርብ ከግጭት አንጻር የት ጋ እንደሚወድቅ በግምት ታውቃላችሁ።

ከግጭት ሌላ ቁጥርን የሚገፉ ነገሮች አሉ፤ አንድ ዓይነት ጉልበት ግን የላቸውም። ራቁትነትና ወሲብ እንደ ግልጽነቱ ከ12 እስከ 18 ይወስዳል። ሲጋራ፣ አልኮልና አደንዛዥ ዕፅ ሲጠቀሙ ማሳየት ከ16 ይጀምራል፤ ዕፅን እያሞገሰ ካሳየ 18 ነው። ዘርን ወይም ሃይማኖትን መሠረት አድርጎ ጥላቻን የሚያበረታታ ነገር መካከለኛ ደረጃ የለውም፣ በቀጥታ 18 ነው። ቁማርን የሚያስተምር ወይም የሚያሞግስ ጌም ድሮ 12 ሊሰጠው ይችል ነበር፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለሚመደቡ አዳዲስ ጌሞች ፔጊ ይህን 18 አድርጎታል። ስለዚህ አንድ አሮጌ ጌምና አንድ አዲስ ጌም አንድ ዓይነት የካርታ ጠረጴዛ እያሳዩ ቁጥራቸው ቢለያይ ስህተት አይደለም፤ የምደባው ዓመት ነው የለያቸው።

ስድብ ላይ ግን የራሴ አስተያየት አለኝ። መጥፎ ቋንቋ የሚለው መግለጫ አንዳንዱን ጌም ብቻውን 16 ያደርሰዋል። የተመዘነው የሚባለውን ሰምቶ ለሚረዳ ልጅ ነው። ካራቆሬ ያለ የ10 ዓመት ልጅ በጌሙ ውስጥ የሚባለውን አብዛኛውን አይሰማም፤ ደጋግሞ የሚሰማትን አንዲት ቃል ግን ትርጉሟን ሳያውቅ ይዟት ይሄድና ክፍል ውስጥ ይናገራታል። ስለዚህ ቁጥሩን ያወጣው ስድብ ብቻ የሆነ ጌም ካጋጠመኝ ድምፁን አጠፋና ከ16 በታች ላሉት ትንሽ እለሳለሳለሁ። ቁጥሩን ያወጣው ምስል ከሆነ ግን አልለሳለስም። ምስል አስተርጓሚ አያሻውም።

ምልክቶቹ የወጡት ለሌላ አገር ልጆች መሆኑ በሌላ በኩልም ይታያል፤ በዚህኛው በኩል ግን የሚጠቁመው ወደ ጥንቃቄ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በአካባቢያችን የሆነውን የይፋት ሰው አይረሳውም። የተኩስ ድምፅ ሰምቶ አልጋ ሥር የተደበቀ፣ ቤት ሲቃጠል ያየ ልጅ አለን። መዳቢዎቹ ለተኩስ ጌም 12 ወይም 16 ሲሰጡ በልባቸው የያዙት ተኩስን በፊልም ብቻ የሚያውቅ ልጅ ነው። እኛ ቤት ከሚመጡት አንዳንዶቹ እንደዚያ አይደሉም። እኔ ቤት አንድ ልጅ ስፒከሩ ከፍ ብሎ ተኩስ ሲጀመር ተነሥቶ ይወጣ ነበር፤ ለምን እንደሚወጣ ማንም አልጠየቀውም፣ እኔም ብዙ ጊዜ አላስተዋልኩም። ለእንዲህ ያለው ልጅ ቁጥሩ የሚነግረን መነሻውን ብቻ ነው። የተኩስ ጌሞቹን ከተጻፈባቸው አንድ ደረጃ ከፍ አድርጌ መያዝ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

አሁን ስለ ቃላቱ። የአሜሪካኖቹን ምልክት ስታገኙ ከፊደሉ ይልቅ አጠገቡ ያሉትን ቃላት አንብቡ፤ ደረጃው እዚያ ውስጥ ነው የተደበቀው። Cartoon Violence ወይም Fantasy Violence ካለ ጠቡ ከእውን የራቀ ነው። Violence ብቻ ካለ ጠበኛ ግጭት አለ። Intense Violence ካለ እውን የሚመስል ግድያ አለ። ደምም እንዲሁ ነው፤ Mild Blood ጠብታ ነው፣ Blood የሚታይ ደም ነው፣ Blood and Gore ደም ከተቆራረጠ አካል ጋር ነው። Mild የሚለው ቃል ሁልጊዜ ዝቅ ያደርጋል፤ Intense እና Strong ሁልጊዜ ከፍ ያደርጋሉ። እንግሊዝኛ ባታውቁ እንኳ እነዚህን ሦስት ቃላት በዓይን መለየት ይበቃል።

ከተማችን ውስጥ በብዛት የሚጠየቀውን ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን በዚህ እንመርምረው። በ2004 እ.ኤ.አ. ለፕሌይስቴሽን 2 ሲወጣ M ነበር የተሰጠው። ቃላቱ Blood and Gore፣ Intense Violence፣ Strong Language፣ Strong Sexual Content እና Use of Drugs ነበሩ። Strong ሁለት ጊዜ፣ Intense አንድ ጊዜ፣ ደሙም ከመጨረሻው ደረጃ። “መኪና መንዳት ብቻ ነው እኮ የምንጫወተው” የሚል ልጅ ውሸት እየተናገረ ላይሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ በእርግጥ ተልእኮውን ትተው መኪና ይዘው ይዞራሉ። መኪናው የተገኘው ግን ሹፌሩን ጎትቶ በማውረድ ነው፤ በመንገድ ላይ ያለውን ሁሉ መግደልም ይቻላል። ያለ ምክንያት መግደል የሚለው መለኪያ እዚህ ይመጣል። በፔጊ 18 ነው።

ይህ ጌም ለእኛ ሌላም ትምህርት አለው። በ2005 እ.ኤ.አ. አንድ ነገር ታወቀ፤ አዘጋጆቹ ዲስኩ ውስጥ የወሲብ ትዕይንት ትተው በተራ ጨዋታ እንዳይከፈት ብቻ አድርገውት ነበር። ከውጭ ያለ ሰው የሠራው ማሻሻያ ቁልፉን ከፈተው። ESRB በሐምሌ ወር ምልክቱን ከM ወደ AO አነሣው፤ ትልልቅ መደብሮች ጌሙን ከመደርደሪያ አወረዱት፤ አዘጋጁ ያን ክፍል ያወጣበት አዲስ ዲስክ ካተመ በኋላ ነው ወደ M የተመለሰው። እኛ የምናስጭነው ኮፒ የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል? ከዚያም በላይ “ሞድ” ተብሎ የሚመጣው አለ፤ አልባሳት የተቀየረበት፣ አዲስ መሣሪያ የተጨመረበት፣ አንዳንዴም ራቁት ገጸ ባሕርይ የገባበት። የዕድሜ ምልክቱ የሚናገረው ፋብሪካው ስላስረከበው ጌም ነው። ሞድ የገባበት ጌም ምልክት የለውም ብላችሁ ውሰዱት፤ እኔ 18 ብዬ ነው የማስቀምጠው።

ኳስ ጌም ሌላ ዓይነት ነገር ያሳየናል። ፊፋ፣ አሁን ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የሚባለው፣ ሲሰጠው የኖረው በፔጊ 3፣ በአሜሪካኖቹ E ነው። አጠገቡ ግን In-Game Purchases (Includes Random Items) የሚል ጽሑፍ አለ። በጌሙ ውስጥ በገንዘብ የሚገዛ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ሳይታወቅ የሚከፈት እሽግ አለ ማለት ነው። ይህ ማስጠንቀቂያ በሁለቱም ምልክቶች ላይ ለብቻው ቆሞ ቁጥሩን ሳይገፋ ኖሯል። ጀርመኖች ግን የኤፍሲ 24ን ምልክት በዚሁ ምክንያት ወደ 12 ከፍ አደረጉት፤ አውስትራሊያም ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለ እሽግ የሚሸጥን ጌም ለትንንሽ ልጆች ከሚሰጠው ደረጃ አውጥታለች። ኢንተርኔት በሌለው ማሽናችን ላይ ይህ ብዙ አይነካንም። የሚነካን ማንም ምልክት የማይጽፈው ነው፦ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ከዚያም በገንዘብ መወራረድ። ያ በጌሙ ውስጥ ስለሌለ የትኛውም ቁጥር አይከላከለውም። በቤታችሁ ሕግ ብቻ ነው የሚቆመው።

ምልክቱን የት እናገኛለን? የጌሙን ሙሉ ስም፣ ከነተራ ቁጥሩ፣ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ESRB ወይም PEGI የሚለውን ጨምራችሁ በስልካችሁ ፈልጉ፤ ሁለቱም ድርጅቶች በስም የሚፈለግበት ገጽ አላቸው። ተራ ቁጥሩን አትዝለሉ፤ የአንድ ጌም ክፍሎች ምልክት ይለያያል። እኔ ሁለቱንም አያለሁ፤ ከተለያዩም ከፍ ያለውን እይዛለሁ። ቴከን 7ን በ13 ሳይሆን በ16 ያስቀመጥኩት በዚህ ደንብ ነው።

ለስልክ ጌም ጎግል ፕሌይ ላይ በመተግበሪያው ስም ሥር Rated for ብሎ ቁጥር ይጽፋል፤ 3+፣ 7+፣ 12+፣ 16+ ወይም 18+። ይህን ቁጥር ተቀምጦ የተጫወተ ሰው አላወጣውም። ጌሙን የሠራው ራሱ ግጭት አለ ወይ፣ ደም አለ ወይ፣ ተጫዋቾች ይነጋገራሉ ወይ የሚሉ ጥያቄዎችን ይሞላና፣ IARC የሚባለው ሥርዓት ከመልሱ ተነሥቶ ለየአገሩ ቁጥር ያወጣል። የራሱ መዳቢ ለሌለው አገር ጠቅላላውን ምድብ ይሰጣል። አዘጋጁ ዋሽቶ ከተገኘ ምልክቱ ይታረማል፤ እስኪታረም ግን የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ሊቆይ ይችላል። ልጆቻችን ግን አብዛኛውን ጌም የሚያገኙት ከዚያ አይደለም፤ ከጓደኛ ስልክ በዜንደር ይላላካሉ። በዚያ መንገድ የመጣ ጌም ከቁጥሩ ጋር አይመጣም፤ ወላጅ በጎግል ፕሌይ ላይ ያደረገው ቁልፍም አያግደውም።

ማሽን ላይ ስለሚደረግ ቁልፍም በአጭሩ ልንገራችሁ። ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ጌምን በዕድሜ የሚቆልፍ ነገር የለም። ፕሌይስቴሽን 3 ላይ Settings ውስጥ Security Settings፣ ከዚያ Parental Control አለ፤ ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ይጠብቃል። ከፋብሪካ የሚመጣው የይለፍ ቁጥር 0000 ስለሆነና ልጆቹም ስለሚያውቁት መጀመሪያ እሱን ቀይሩ። ከዚያ M መሆኑን የምታውቁትን አንድ ጌም ክፈቱ፤ የይለፍ ቁጥር ካልጠየቀ ቁልፉ አልሠራም። የማይሠራበት ዋና ምክንያት ማሽኑ ደረጃውን የሚያነበው ከጌሙ ጋር ከሚመጣው PARAM.SFO የሚባል ፋይል መሆኑ ነው፤ ኮፒ ያደረገው ሰው እሱን ነካክቶት ከሆነ ማሽኑ የሚያየው የተሳሳተ ቁጥር ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ የልጅ አካውንት መክፈት ኢንተርኔት ይጠይቃል፤ የእኛዎቹ ማሽኖች ደግሞ በአብዛኛው መስመር ላይ አይገቡም።

ስለዚህ እኔ ቁልፉን ትቼ በሃርድ ዲስክ ለየሁት። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ከውጭ በሚሰካ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ቢያንስ 250 ጊጋባይት የሆነ፣ የ16 እና የ18ቱን ጌሞች አዛወርኩ። ማሽኑ ውስጥ የቀሩት ኳስ፣ የመኪና ውድድርና እስከ 12 ያሉት ናቸው። ዲስኩ ቀን ቀን መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። ማታ ትንንሾቹ ሲሄዱ እሰካዋለሁ። ስትነቅሉት ማሽኑን በደንብ አጥፉ፤ እየሠራ ከነቀላችሁት መረጃው ሊበላሽ፣ ጌሙንም እንደገና ማስጫን ሊመጣ ይችላል።

ያም ሆኖ የመጀመሪያው ችግሬ ቁልፍ አልነበረም፤ አግዳሚው ነበር። ጌም ቤት ውስጥ የሚጫወተው አንድ ሰው ነው፣ የሚያየው አሥር። ስለዚህ የአንድ ስክሪን ዕድሜ የሚለካው ጆይስቲክ በያዘው ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ ካሉት በትንሹ ነው። ቀን፣ ትንሽ ልጅ ባለበት፣ 16 አይከፈትም፤ ከፋዩ ጎረምሳ ቢሆንም። ይህ ገንዘብ ያስቀራል፤ የቀን ገቢዬ መጀመሪያ ላይ ቀንሷል። ማታ ግን ጎረምሶቹ ቦታ ሳይጣበቡ መጫወት ስለቻሉ ረዘም ላለ ሰዓት መቆየት ጀመሩ። ሁለተኛ ክፍል ያለው ሰው በር ለይቶ መሥራት ይችላል፤ መጋረጃ ግን አይበቃም፣ ድምፅ ያልፋል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉንም ጌሞቼን በወረቀት ዘርዝሬ በየስማቸው ፈለግኋቸው። በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው። በየስማቸው አጠገብ ቁጥሩን፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ ቁጥሩን ያወጣውን ነገር በአንድ ቃል ጻፍኩ፦ ደም፣ ስድብ፣ ራቁት፣ ተኩስ። ወረቀቱን በመግቢያው በር በውስጥ በኩል ለጠፍኩት። ያቺ እናት እንደገና በመጡ ጊዜ ቆመው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት፤ ሞርታል ኮምባት ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው “ይሄ ነው?” አሉኝ። “አዎ እታለም፣ ይሄ ነው፤ አሁን ማታ ብቻ ነው የሚከፈተው” አልኳቸው። ልጃቸውን እጁን ይዘው ወደ ኳሱ ስክሪን አሻገሩትና ለሁለት ጌም ከፈሉ።